ብላቴ ዓድዋን አላየም

ጥፋቱ የኔ ነው። ይሄን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል።

ወላይታ ሶዶ ውስጥ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎችን ቋንቋ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ “ለዘመናት የሰውን ታሪክ ሲመለከት የኖረ ወንዝ ሁኑና፣ በአንደኛ መደብ ግጥም ጻፉ። ወንዙ ከአካባቢያችን ይሁን።” ጥሩ የቤት ሥራ መስሎኝ ነበር። አርባ ሁለት ወረቀት ሰበሰብኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ቡናዬን ይዤ ማረም ጀመርኩና ሃያኛው ላይ ስደርስ ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩት። አንድ ግጥም ሃያ ጊዜ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። የማንንም ልጅ ስም ሳላነሳ፣ ሁሉንም ጨምቄ በራሴ ቃል ባስቀምጠው እንዲህ ይመስላል፦

እኔ ነኝ ብላቴ የዘመናት ምስክር፤
ዓድዋንም አየሁ አክሱምን ከነክብር፤
በጀግኖች ደም ቀላሁ በሰማዕታት እንባ፤
ሁሉን አይቻለሁ ስወጣ ስገባ።

ቤት ይመታል። ክፍል ፊት ሲነበብ ያስጨበጭባል፤ አስጨብጭቧልም። ግን እስቲ ቆም ብለን እንየው። ወንዝ ወዴት ነው የሚወጣው? ወዴትስ ነው የሚገባው? ወንዝ አንዴ ከሄደ አይመለስም። ብላቴ ዓድዋን የት ቆሞ አየ? ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ሽቅብ ፈሶ?

“ኧረ ተው፣ የልጆች ግጥም ነው፤ ምን እንዲህ ያንገበግብሃል?” የሚለኝ አይጠፋም። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ “ሁሉን አየሁ” የሚለው ወንዝ ምንም ያላየ ወንዝ ነው። ከዚያም የሚብሰው፣ ልጆቻችን በዚህ ወንዝ ጀርባ ተደብቀው ስለ ገዛ አገራቸው አንድም ነገር ሳይናገሩ ጥሩ ማርክ ማግኘትን እየለመዱ ነው። ያስለመድኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

የአያት ካፖርት

ነገሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በአማርኛ “ወንዝ” ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን አባይ ነው። አባይን ደግሞ ስንከሰው ነው የኖርነው። “አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል” እንላለን። አፈራችንን ይዞ ባዕድ አገር የሚሄድ ከዳተኛ ነው። ከክሱ ወጣ አድርጎ፣ ወንዙ ራሱ በኩራት “እኔ ነኝ” ብሎ እንዲናገር ካደረጉት አንዱ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው፤ “ናይል” የሚለው የእንግሊዝኛ ግጥሙ በወንዙ አንደበት የተጻፈ ነው። ያ ድምፅ ትልቅ ነው፣ መሆንም አለበት። ዳርቻው ላይ ፈርዖኖች ለነገሡበት ወንዝ ይመጥናል።

ተማሪዎቼ ያንን ድምፅ አንስተው ለብላቴ አለበሱት። የአያቱን ካፖርት የለበሰ ሕፃን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እጅጌው መሬት ይጠርጋል። አንዷ ልጅ ብላቴ “ባሕር ማዶ ተሻግሮ” ለባዕድ ሲሳይ እንደሆነ ጽፋለች። ሌላው ግብፅ አድርሶታል። ጥፋቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ግን ወንዙን ከሥሩ ነው የሚነቅለው።

ምክንያቱም ብላቴ የትም አይሄድም። ከጉራጌና ከስልጤ ደጋ ይነሳል፤ በሐዲያ፣ በከምባታና በሀላባ አገር አልፎ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ወላይታንና ሲዳማን በግራና በቀኝ አድርጎ አባያ ሐይቅ ይገባል። በቃ። አባያም ባሕር አይደርስም። የስምጥ ሸለቆው ሐይቆች የገባባቸውን ውኃ ለፀሐይ ካልሆነ በቀር ለውቅያኖስ አይሰጡም። ስለዚህ ብላቴ ከአባይ ጋር የሚጋራው ክስ የለም፦ አልከዳም፣ አልተሰደደም፣ ያነሳውን ሁሉ እዚሁ ጓዳችን ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ይሄን የሚያውቅ ልጅ ከአባይ ግጥም ፈጽሞ የተለየ ግጥም ይጽፍ ነበር። “የሰረቅሁትን ሁሉ እዚሁ ደብቄዋለሁ” የሚል ወንዝ አስቡ እስቲ።

እዚህ ላይ አስተማሪዎች የምንወደው አንድ ሌላ ግጥምም አለ። የላንግስተን ሂዩዝ የወንዞች ግጥም። ሂዩዝ በ1920 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሆኖ፣ ባቡሩ ሚሲሲፒን ሲሻገር ነው የጻፈው። የወንዝ ድምፅ ምሳሌ ነው ብለን ክፍል ውስጥ እንጠቅሰዋለን። ግን በደንብ ለሚያነበው፣ እዚያ ግጥም ውስጥ የሚናገረው ወንዙ አይደለም። ወንዞችን አውቄያለሁ የሚል ሰው ነው። አንድ ጥቁር ሰው በሕዝቡ ስም ይናገራል፤ ወንዝ ነኝ አላለም። ዘመናትን ሁሉ መጠቅለል የቻለውም ለዚህ ነው፤ ሕዝብ ያስታውሳል፣ ከአገር አገር ይሄዳል። ወንዝ ግን አንድ ቦታ ነው ያለው። ሁለቱን ስናደባልቅ ነው የሁሉን አዋቂው ወንዝ የሚወለደው።

የት ቆመህ አየህ?

የድሮ ሙግት ያውቁ የነበሩ ሰዎች ምስክርን ዝም ብለው አይቀበሉም ነበር። በላ ልበልሃ ላይ ተከራካሪው ይነሳና ምስክሩን ያፋጥጠዋል፦ የት ቆመህ አየህ? መቼ ነበር? ከዚያ ሆነህስ ምን ሊታይህ ይችላል? “ሁሉን አይቻለሁ” የሚል ምስክር ቢመጣ ሳቅ ነው የሚያተርፈው። ሁሉን ያየ ሰው በሐሰት የመጣ ሰው ነው።

ወንዝን ምስክር ካደረግነው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለበት። ቦታው የት ነው፣ ወቅቱ መቼ ነው፣ በምንስ ያውቃል። ወንዝ ዓይን የለውም፤ አዋጅ አይሰማም፤ የንጉሥ ስም አያውቅም፤ ዓመተ ምሕረት አይቆጥርም። የሚያውቀው የነኩትን ነው። ማን እንደቀዳው፣ ምን እንደታጠበበት፣ ማን እንደተሻገረው፣ ምን ያህል አፈር እንደወረደበት፣ መቼ እንደሞላና መቼ እንደጎደለ። ይሄ ድህነት ይመስላል፤ ግጥሙን የሚያድነው ግን ይሄው ነው። እስቲ በሁለት እውነተኛ ታሪኮች እንሞክረው።

የመጀመሪያው ከባዱ ነው። የምኒልክ ጦር ወላይታን የወጋው በ1887 ዓ.ም. በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ብዙ ሰው ሞተ፤ ምርኮኛውም ከብቱም ተነዳ። ይሄን ለማወቅ ወንዝ አያስፈልገንም፤ ቫንደርሄይም የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ዘምቶ ያየውን ጽፎ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ በመጽሐፍ አሳትሟል። ሰው ቆሞ አይቶ፣ ሰው ጽፎታል።

ታዲያ ተማሪዎቼ ስለዚህ ጦርነት ሲጽፉ ወንዙን ምን አስባሉት? “በደም ሞላሁ፣ በደም ጎረፍኩ።” ወቅቱን እንጠይቅ። ኅዳርና ታኅሣሥ በጋ ነው። ብላቴ ያኔ አይሞላም፣ ጭራሽ ይጎድላል፤ ብዙ ቦታ ላይ ድንጋዩ ይታያል። ሙላት የሚመጣው በበልግና በክረምት ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ በደም የሞላ ወንዝ ከፊልም የመጣ ወንዝ ነው።

“እሺ፣ ታዲያ ወንዙ ስለ 1887 ምንም አይናገር?” አለኝ የሥራ ባልደረባዬ። ይናገር እንጂ። ግን የሚናገረው ቆይቶ ነው። አስቡት፦ በሬ ከተነዳና ገበሬ ከተማረከ በቀጣዩ በልግ የሚታረሰው መሬት ይቀንሳል። ያልታረሰ መሬት ሣር ይለብሳል። ሣር የለበሰ መሬት ዝናብ ሲመታው አፈሩን አይለቅም። አፈር ካልወረደ ደግሞ ወንዝ ይጠራል። ሰው በሌለበት ዓመት ውኃው የጠራ ይሆናል ማለት ነው። ይሄ የታሪክ ማስረጃ አይደለም፣ የግጥም ስሌት ነው። ግን ወንዝ ሊያውቀው በሚችለው ነገር የተሠራ ስሌት ነው።

ይሄን ክፍል ውስጥ ስናወራ አንድ ዝምተኛ ልጅ ከኋላ ተቀምጦ አራት መስመር ጻፈ። በእሱ ፈቃድ ላስነብባችሁ፦

በዚያ በልግ ጠራሁ።
ዓሣው የራሱን ጥላ አየ።
ሰው የሚደሰትብኝ መስሎኝ ነበር፤
ሊቀዳ የመጣ ግን የለም።

ደም የለበትም። ጦር የለበትም። የማንም ስም የለበትም። ሲያነበው ግን ክፍሉ አላጨበጨበም፤ ዝም አለ። “ምን ሆኖ ነው ሰው የጠፋው?” ብላ የጠየቀች ልጅ ነበረች፤ መልሱን ከተማሪዎቹ ግማሾቹ ከቤታቸው ያውቁታል፣ ግማሾቹ አያውቁትም። ከዚያ በኋላ የተነሳው ወሬ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ወሰደብን። “ሁሉን አየሁ” የሚል ግጥም እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ አስነስቶ አያውቅም።

የእስክሪብቶ ቀለም

ሁለተኛው ታሪክ ለተማሪዎች ቅርብ ነው፤ ስለ ተማሪዎች ነውና። “ብላቴ” የሚለውን ስም ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው በወንዙ ሳይሆን በማሰልጠኛው ነው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሊወድቅ ወራት ሲቀሩት ዩኒቨርሲቲ ተዘጋና ተማሪዎች ለውትድርና ሥልጠና ወደ ብላቴ ተወሰዱ። በግንቦት መንግሥቱ ወደቀ። ከሠልጣኞቹ ብዙዎቹ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኬንያ ድንበር ሸሹ። ዛሬ በየአገሩ የተበተኑ፣ ያንን ጉዞ የማይረሱ ሰዎች አሉ።

ከአርባ ሁለት ወረቀት ውስጥ ይሄን ያነሳ አንድም አልነበረም። ብላቴን አክሱም ወስደውታል፣ ዓድዋ አዝምተውታል፤ ከራሱ ከወንዙ ስም ጋር የተያያዘውን፣ የእነሱ ዕድሜ እኩያ የሆኑ ልጆች የገቡበትን ታሪክ ግን ዘለውት አልፈዋል። አልፈርድባቸውም። ማንም አልነገራቸውም። እኔም አልነገርኳቸውም።

ነገርኳቸውና ድጋሚ ጻፉ አልኳቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ያው ነው፦ “የደርግን ውድቀት አየሁ፣ የወጣቱን ስደት አየሁ።” ተመለስ አልኩ። ወንዝ ደርግ መውደቁን በምን ያውቃል? ሬዲዮ አለው እንዴ? የሚያውቀው ትናንት የነበሩ ሰዎች ዛሬ አለመምጣታቸውን ነው። ወቅቱም ግንቦት ነው፣ በልግ ዘንቧል፣ ውኃው ከፍ ብሏል። ከዚህ ብቻ ጀምሩ፤ የማታውቁትን አትናገሩ አልኳቸው። አንዷ ልጅ በሦስተኛው ሙከራዋ ይሄን አመጣች፦

የሚያጥቡብኝን ልብስ አውቃለሁ፤
ሰውየውን አላውቅም።
ሸሚዙ ሲመጣ ላብ ነበረው፤
ኪሱ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም።
በዝናቡ ወር ሞላሁ፤
ሸሚዙ አልመጣም።
ድንጋዬ ላይ ያለቀ ሳሙና ነበር፤
እሱን ወሰድኩት፤
ሌላ የሚወስድ አልነበረም።

“ቲቸር፣ ደርግ የሚለው ቃል ግን የለም፤ ይቆረጥብኛል?” አለችኝ። ኧረ አይቆረጥብሽም። የእስክሪብቶው ቀለም በቂ ነው። ወታደር ኪሱ ላይ ቀለም የሚፈስበት ምን ሲሆን ነው? ተማሪ ሲሆን። ይሄን አንባቢው ራሱ ይደርስበታል። ወንዙ አልነገረንም፤ ወንዙ አያውቅምና። ወንዙ በማያውቀውና እኛ በምናውቀው መሀል ያለው ክፍተት ነው ልብን የሚነካው። በሰው ያልሆነ አንደበት የሚጻፍ ግጥም ዋና ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። ተናጋሪው እኛ የምናውቀውን ሁሉ ካወቀ፣ መጀመሪያውኑ ወንዝ መሆን ለምን አስፈለገው? ታሪክ መምህር አይሆንም?

የቀላው ምንድን ነው?

አሁን ወደዚያ ደም ልመለስ። ከአርባ ሁለቱ ግጥሞች አብዛኞቹ ውስጥ ወንዙ በደም ቀልቷል። እኔ ግን አንድ ክረምት ከሶዶ ወደ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ወርጄ ብላቴን አይቼዋለሁ። እውነትም ቀይ ነው። ደም ግን አይደለም፤ ማሳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወላይታ ገበሬ ቤቱን በእንሰት ይከባል። እንሰቱ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን ዘርግቶ ስለሚቆም ሥሩ ያለው አፈር ዝናብ በቀጥታ አያገኘውም። ከእንሰቱ ወዲያ ያለው የበቆሎና የጤፍ ማሳ ግን የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ታርሶ ባዶውን ነው የሚጠብቀው። ሕዝቡ በዛ፤ የብዙ ቤተሰብ መሬት ከግማሽ ሄክታር አነሰ። ስለዚህ ድሮ ለግጦሽ የተተወው ተዳፋት ሁሉ ታረሰ። ዝናቡ ሲወርድ ያ ቀይ አፈር ወደ ጅረት፣ ከጅረት ወደ ብላቴ ይገባል። አሸዋው ከባድ ስለሆነ ወንዙ ሲታጠፍ መንገድ ላይ ይቀራል። ደቃቁ ሸክላ ግን አይዘቅጥም፤ እስከ አባያ ይሄዳል፣ እዚያም ውኃው ውስጥ ተንሳፎ ይቀራል። አርባ ምንጭ ሄዳችሁ ከላይ ሆናችሁ ሁለቱን ሐይቆች ካያችሁ ልዩነቱ ይታያችኋል፦ ጫሞ ጠራ ይላል፣ አባያ ሸክላ መስሏል።

አባያ ላይ የሚታየው ቀለም እንግዲህ የእነዚህ ልጆች አያቶች ማሳ ነው። በከፊል የወላይታ፣ በከፊል የሐዲያ፣ በከፊል የከምባታና የሲዳማ። ከዚህ በላይ ምን ምስክርነት ይፈለጋል? ወንዙ የያዘው ማስረጃ አለ፤ በየዓመቱ እየጨመረ ነው፤ ተማሪዎቼ ግን ዓይናቸው ሥር ያለውን ቀይ ነገር ትተው ከቴሌቪዥን ደም ተበደሩ።

በዚህ ላይ አማርኛ ራሱ “አፈር” በሚለው ቃል የሰጠን ስጦታ አለ። አፈር ማሳ ነው፤ አፈር መቃብርም ነው። እናት ልጇን “አፈር ስሆን” ብላ ትለምናለች። ወንዝ “አፈራችሁን ይዣለሁ” ቢል ሰሙ ገበሬውን ያስቆጣል፣ ወርቁ ደግሞ ሙታንን ያነሳል። ሰምና ወርቅን ትምህርት ቤት ለፈተና ብቻ የምናስተምረው ለምንድን ነው? ይኸው ሠርቶ የሚያሳይ ወንዝ ደጃችን አለልን።

“ወንዝ ወገን የለውም”

የሚነሱብኝን ሁለት ተቃውሞዎች ሳልመልስ አልጨርስም።

አንደኛው ያው ባልደረባዬ ያነሳው ነው። “እኔና አንተ የምናስተምረው ክፍል ውስጥ የወላይታም፣ የአማራም፣ የጉራጌም፣ የሲዳማም ልጅ አለ። ስለ 1887 በቀጥታ ጻፉ ብትል እሳት ነው። ወንዝ የመረጥነው እኮ ወገን ስለሌለው ነው” አለኝ። ፍርሃቱን አልንቅም። ሶዶ ላይ የትምህርት ነገር ሰው ያስገደለባት ከተማ ናት፤ በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ አዋህዶ የተዘጋጀው “ወጋጎዳ” መማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ ሕዝብ ተነሳ፣ ሰው ሞተ፣ መጽሐፉም ተመለሰ። ክፍል ውስጥ የሚጻፍ ነገር ቀላል እንዳልሆነ እዚህ ከተማ ለማንም አይነገርም።

ግን ወንዝ ወገን የለውም የሚለው ስህተት ነው። ወንዝ ሁለት ዳር አለው፤ በአንዱ ወላይታ፣ በሌላው ሲዳማ አለ። የሚቀዳው ሰው ከአንዱ ዳር ነው የሚመጣው። ወንዝ የማይችለው ውሸት መናገር ነው እንጂ ወገን መያዝ አይደለም፤ ውኃ የጎደለበትን ዳርና የሞላበትን ዳር ያውቃል። “ሁሉን አየሁ፣ ሁሉም አለፈ” የሚለው ግጥም ገለልተኛ ሊመስል ይፈልጋል። የሚሠራው ሥራ ግን አለ፦ የገደለውንም የሞተውንም በአንድ መስመር ደርድሮ ቤት ያስመታል። ይሄ ሰላም አይደለም፣ ዝምታ ነው። ያ የአራት መስመር ግጥም ግን ማንንም ሳይሰድብ ሰው እንደጠፋ ተናገረ። ክፍሌ ውስጥ እሳት አልተነሳም። ጥያቄ ነው የተነሳው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብደኛል። “አገራችን ውስጥ በእንስሳና በዕቃ ተመስሎ መናገር የመሸሸጊያ ጥበብ ነው። በቀጥታ መናገር የማይችል ልጅ በወንዝ ይናገር” የሚሉ አሉ። እስማማለሁ። ቅኔ ቤት ያደገ ሁሉ ይሄን ያውቃል። ሽፋን ግን የሚሸፍነው ነገር ሊኖረው ይገባል። ወርቅ የሌለው ሰም ሻማ ነው፤ በርቶ ያልቃል። ልጁ በወንዝ ተከልሎ የአያቱን ታሪክ የሚያወጣ ከሆነ እሰየው። ተከልሎ የመማሪያ መጽሐፉን ማውጫ ከደገመልኝ ግን፣ ከምን ነው የተሸሸገው?

የዘንድሮው የቤት ሥራ

እንግሊዛዊቷ ገጣሚ አሊስ ኦስዋልድ “ዳርት” የሚለውን የወንዝ ግጥሟን በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከማሳተሟ በፊት፣ በወንዙ ዳር የሚኖሩና የሚሠሩ ሰዎችን ለዓመታት እየዞረች ታነጋግር ነበር። ወንዙ የሚናገረው በእነሱ ድምፅ ነው። ይሄን ካወቅሁ በኋላ የራሴ ጥፋት ገባኝ። እኔ ልጆቹን ወንዝ ሁኑ አልኳቸው እንጂ ወንዝ ሂዱ አላልኳቸውም።

ስለዚህ ዘንድሮ የቤት ሥራውን ቀየርኩት። የዳሞታ ተራራ ሥር ያለን ሰዎች ዕድለኞች ነን፤ ዝናቡ በአንዱ ተዳፋት ሲወርድ ወደ ኦሞ፣ በሌላው ሲወርድ ወደ አባያ ይሄዳል። እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ አጠገብ ያለውን ጅረት ይዞ ወዴት እንደሚገባ ይጠይቅ። ከዚያ ጅረቱን ለሚያውቁ ሦስት ሰዎች ጥያቄ ያቅርብ፦ ለምትቀዳዋ፣ ለሚያሻግረው ወይም ለሚሻገረው፣ አሸዋ ለሚያወጣው። በየትኛው ወር ይሞላል? መቼ ይቀላል? ማን ይመጣ ነበር፣ አሁን ቀረ? ከዚያ በኋላ ነው “እኔ” ማለት የሚፈቀደው።

ሁለት ክልከላ ብቻ ጨምሬያለሁ። “አየሁ” የሚለው ግሥ አይፈቀድም፤ ወንዝ ዓይን የለውምና “ነካኝ”፣ “ከበደኝ”፣ “ቀዘቀዘ”፣ “ቀረ” ይበል። የንጉሥና የመንግሥት ስምም አይፈቀድም፤ ንጉሡ ካለ በውኃው ላይ ባደረሰው ነገር ይታወቅ።

አንድ ልጅ እጁን አወጣ። “ቲቸር፣ ዓድዋን መጻፍ ፈልጌ ነበር ግን።”

“ጻፍ” አልኩት፤ “ግን ዓድዋ ከተማ አጠገብ የሚፈስ አሰም የሚባል ወንዝ አለ። መጀመሪያ እሱን ጠይቅ። የብላቴን ደግሞ ለብላቴ ተውለት።”